ወደ ላይ የቆመ ጥለት

ሴኮንዲ ከተማ ውስጥ ስፌት ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ ያላረዘምኳት አጭር ሴት፣ ያላጠበብኳት ሰፊ የለችም። ጉራ አይደለም፣ ሥራዬ ነው። ሰዎች በመቀሴ የምሠራ ይመስላቸዋል፤ እኔ ግን የምሠራው በሰው ዓይን ነው። ዓይን ሰነፍ ነው፣ መንገድ ከጠረግሽለት ዝም ብሎ በዚያው ይሄዳል። ይህን ለተለማማጆቼ ስነግራቸው "እሺ ማዳም ኤፉዋ" ይላሉ፣ ከዚያ ዞር ስል የራሳቸውን ይቆርጣሉ።

ኤውራማ ግን እንደ ሌላው ደንበኛ አልነበረም አመጣጧ። ጎረቤቴ ናት፤ ግቢያችንን የሚለየው እሷ ዓሣ የምታጨስበት ምድጃ ብቻ ነው። አጭር ናት፣ ድብልብል ያለች ናት፣ ስትስቅ ሆዷ ቀድሟት ይስቃል። በዚያን ቀን ጠዋት ልብስ እየተኮስኩ ሳለ ጨርቅ በፌስታል ይዛ ገባችና ወንበር ሳልሰጣት ተቀመጠች።

"ኩኩዋ ልታገባ ነው" አለችኝ።

ካውያውን አስቀመጥኩት።

ኩኩዋ ልጇ ናት። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ነው አባቷ ሚስተር ኳንሳ የወሰዳት። እሱ ድንበር ማዶ ሎሜ ወደብ ላይ ሥራ ነበረው፣ በወግ ያገባት ሚስትም ነበረችው፤ ኤውራማ በወግ ያገባት አልነበረችም። "ትምህርቷን እስክትጨርስ ነው" ተባለ። ያን ቀን ልጅቷን ያጠበቻት፣ ፀጉሯን የሠራቻት፣ መኪናው ውስጥ ያስገባቻትም ራሷ ኤውራማ ናት። ከዚያ ሰዎቹ ቤት ቀየሩ፣ ስልክ ቀየሩ፣ ነገሩ በዚያው ቀረ። ኤውራማ ግን አልቀረላትም። መንገድ ላይ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ባየች ቁጥር "ኩኩዋም ይኼኔ ይችን አክላለች" ትለኛለች። ልጅቷ በአሳቧ በየዓመቱ አደገች፤ ጡት አወጣች፣ ትምህርት ጨረሰች፣ ሥራ ያዘች። እኔ ደግሞ በየዓመቱ "እንዴታ" እላለሁ። ምን ልበላት?

"ማን ነገረሽ?" አልኳት።

"ሚስስ ኳንሳ ጨርቁን ላከችልኝ። ሠርጉ ታኮራዲ ነው፤ የሙሽራው አገር ስለሆነ።"

በኛ ሠርግ የሙሽሪት ወገን ሴቶች በሙሉ አንድ ዓይነት ጨርቅ ይለብሳሉ። ቤተሰቡ ይመርጣል፣ ያከፋፍላል፣ ከዚያ እያንዳንዷ ለራሷ ልብስ ሰፊ ትሰጣለች። ጨርቅ ተላከልሽ ማለት ከኛ ነሽ ማለት ነው። ያቺ ሴትዮ እንዲህ ታደርጋለች ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ስንት ጊዜ ረግሜያታለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ደግሞም ቆጥባ አልላከችም፣ ሙሉ ስድስት ያርድ ነው የላከችው።

"እና ምን ዓይነት ልስፋልሽ?"

"ረጅም አድርጊኝ።"

"እሱማ ሁሉም ይላል። ምን ያህል ረጅም?"

"ኩኩዋ የምታውቀኝን ያህል" አለች።

መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ፊቷን ሳየው ተውኩት።

"ትንሽ ሆና 'ማሜ፣ ጣሪያ ትነኪያለሽ' ትለኝ ነበር" አለችኝ። "የምታስታውሰኝ እንደዚያ አድርጋ ነው። አሁን ሄዳ ሄዳ ይቺን ድንክ ብታይ ታልፈኛለች።"

"ታዲያ ማለፍ ስትጀምር እጇን ይዘሽ 'እናትሽ ነኝ' በያት። ምላስ የለሽም እንዴ? በገበያው እንደሆነ አንደኛ ነሽ።"

"አልልም።"

"ለምን?"

"በእጄ የሰጠኋትን ልጅ በሠርጓ ቀን ፊቷ ተገትሬ እናትሽ ነኝ አልልም፣ ኤፉዋ። ካወቀችኝ አወቀችኝ። ካላወቀችኝ የቀረበልኝን በልቼ እመለሳለሁ። አንቺም አፍሽን ትይዣለሽ፣ ማይልኝ።"

ማልኩላት። ምን ቆርጦኝ እንደማልኩ አሁንም አላውቅም።

ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ደህና ጨርቅ ነው፣ አልዋሽም፤ መሬቱ ቢጫ ሆኖ እንደ ሰሊጥ ፍሬ ያሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ተዘርተውበታል። በላዩ ላይ ግን ወፎች አሉ። አንዱ ወፍ ትሪ ያህላል፣ አረንጓዴ፣ ክንፉን የዘረጋ። ጨርቁ በሁለቱም ጠርዝ ደግሞ ጥለት አለው፣ ጥቁር ሰማያዊ ቀጫጭን መስመሮች የተደረደሩበት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ።

ትልቅ ምስል በአጭር ሰው ላይ መከራ ነው። ኤውራማን አቁሜ ጨርቁን ከጡቷ በላይ ይዤ ለቀቅኩት፤ አንዱ ወፍ ጡቷ ላይ ተቀመጠ፣ ሁለተኛው ሆዷ ላይ ክንፉን ዘረጋ፣ ሦስተኛው እግሯ ጋ ሲደርስ ጨርቁ መሬት ስለነካ ግማሽ ሆኖ ቀረ። ሆድ ላይ የተቀመጠ ትልቅ ወፍ "እዩኝ" ይላል፤ ሰው ፊቷን ከማየቱ በፊት ሆዷን ያያል። ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። ሁሉም ሴት አንድ ጨርቅ ሲለብስ ወፉ ሜትር ይሆናል። ሚስስ ኳንሳ ረጅም ናት ይባላል፤ እሷ ላይ አራት ወፍ ይቆማል፣ ኤውራማ ላይ ሁለት ተኩል። ማንም ሳይቆጥር ይቆጥረዋል።

"ጨርቁን አዙረሽ ቁረጪው" አለች ኤውራማ። ሞኝ አይደለችም፤ ጨርቁ በቁመቱ ከተቆረጠ ጥለቱ ከላይ እስከ ታች በጎኗ ስለሚሄድ ያረዝማታል።

"ወፎቹስ?"

"ምን ሆኑ?"

አዙሬ አሳየኋት። ጨርቁ የተሠራው ሴቶች እንዲያገለድሙት ስለሆነ ጥለቱ እግር ጋ ሲሆን ነው ወፎቹ የሚቆሙት። ጥለቱን ሽቅብ ስታቆሚው ወፉ ሁሉ በጎኑ ይተኛል።

ኤውራማ አንዱን ወፍ በጣቷ ነካ አደረገች። "የሞቱ ይመስላሉ" አለች።

"ሌሎቹ ሴቶች ላይ ሁሉ ቆመው አንቺ ላይ ብቻ ሞተው ሠርግ ልትገቢ? የኳንሳ ዘመዶች ወሬ ፍለጋ ሩቅ አይሄዱም።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"አንቺ ሂጂ ዓሣሽን አጭሺ፤ የኔን ለኔ ተይው" አልኳት።

ጥለቱን ከጨርቁ ላይ ቆርጬ አነሳሁት። ሁለቱንም ጠርዝ። ወፎቹ እንደቆሙ ይቀራሉ፣ ጥለቱን ደግሞ ወደ ላይ አቁሜ መልሼ እሰፋዋለሁ። የጥለት ደግነቱ ጨርቁ እስከሄደበት ድረስ አብሮ መሄዱ ነው፣ ከአንገት እስከ እግር ሳይቀጠል ይበቃል። ቀሚሱ ግን በአንድ አይወጣም፤ ጨርቁ በወርዱ ሲቆረጥ ከትከሻ እስከ መሬት አይደርስም። ስለዚህ ከጡቷ ሥር ቆርጬ ቀጠልኩት። ወገቧ እሷ ያላት ቦታ ላይ ሳይሆን እኔ ያልኩት ቦታ ላይ ሆነ፣ ወደ ላይ ወጣ፣ እግሯም በዚያው ረዘመ። ወፎቹንም አባረርኳቸው። የፊቱን ስቆርጥ በወፍና በወፍ መካከል ያለውን ባለሰሊጡን መሬት እየፈለግኩ ነው፣ ነጠብጣቡ ትንንሽ ስለሆነ ራቅ ሲሉ እርስ በርሱ ይቀልጥና ወጥ ቢጫ ይመስላል። አንድ ወፍ ብቻ ትከሻዋ ላይ አስቀመጥኩ፣ ፊቷ አጠገብ፣ ዓይን ወደዚያ እንዲወጣ። የቀሩትን ወደ ጀርባ ላክኋቸው። ጨርቅ በላብኝ፣ ግን ሙሉ ስድስት ያርድ ነበረ አላልኩም?

ከዚያ ተሳሳትኩ። እኔ፣ ማዳም ኤፉዋ። ሁለቱን ጥለቶች ለየብቻ ሰፋኋቸው፣ አንዱን ከግራ ጡቷ አናት፣ ሌላውን ከቀኝ ጡቷ አናት ወደ ታች። ሽቅብ የሄደ መስመር ያረዝማል ብዬ ሁለት ካደረግኩት እጥፍ ያረዝማል ብያለሁ መሰለኝ። ለልክ ስትመጣ አለበስኳትና ወደ በሩ ሄጄ ዞር ብዬ አየሁ።

የግቢ በር ትመስላለች። ጥለቶቹ ሁለት ምሰሶ፣ እሷ በመካከላቸው የተዘጋች። መስመር ተራርቆ ሲቆም ዓይን ወደ ላይ አይወጣም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ወደ ጎን ይዘላል፣ በዘለለ ቁጥርም መካከሉን ይለካል። የእሷ መካከል ደግሞ ሰፊ ነው።

"ምነው?" አለችኝ።

"አውልቂው።"

"አስጠላሁ እንዴ?"

"እኔ ነኝ ያስጠላሁት። አውልቂው አልኩሽ።"

ተረተርኩት። ስፌት መተርተር እንደ መርዶ ነው የምጠላው፣ ለዚያውም የራሴን። ሁለቱን ጥለቶች አጠጋግቼ፣ ጫፍና ጫፋቸውን ገጥሜ፣ እንደ አንድ አድርጌ በመሃል አወረድኳቸው፣ ከአንገቷ ጉድጓድ እስከ እግሯ ጣት። መስመሮቹ ቀጫጭን፣ የተጠጋጉ፤ ዓይን የሚዘልበት ክፍተት የለም፣ መውጣትና መውረድ ብቻ ነው ያለው። በግራና በቀኝ የቀረውን ሰውነቷን ማንም ልብ አይለውም።

በሁለተኛው ልክ መስታወት ፊት አቆምኳት። ራሷን ለረጅም ጊዜ አየች። ሰው የምትጠብቅ ትመስል ነበር፣ ከመስታወቱ ውስጥ የሚወጣ።

"ኤፉዋ" አለች፣ "ይቺን ሴትዮ ታውቃታለች።"

አንጀቴን በላችው። አፌ ውስጥ ከያዝኩት ስፒል አንዱን አውጥቼ የቀሚሱን ጫፍ አጠፍኩበት።

በሠርጉ ቀን አብሬያት ሄድኩ። አዳራሹ ትልቅ ነው፣ ሙሽሮቹ ፊት ለፊት መድረክ ላይ፣ የሙሽሪት ወገን ሴቶች በግራ በኩል ተደርድረዋል። አርባ ሴት፣ ሁሉም ያ ጨርቅ። በየሆዱ ላይ ወፍ፣ በየዳሌው ላይ ወፍ። ጥለቱን እግር ጋ ያደረጉት በዛ ያሉ ናቸው፣ ረጃጅሞቹ ላይ ያምራል፣ አጫጭሮቹን ግን ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ቆርጦ መሬት ውስጥ ይተክላቸዋል። ጥለቱን ዳሌያቸው ላይ የጠመጠሙም አሉ፣ ልብሳቸውን ማን እንደሰፋላቸው መጠየቅ አማረኝ። እድሜያቸው የገፋው እንደ ወጉ ከዚያው ጨርቅ የተቀደደ መደረቢያ ይዘዋል፣ ገሚሱ ትከሻው ላይ ጥሎታል፣ ገሚሱ ወገቡ ላይ አስሮታል። የኤውራማ መደረቢያ ጥለቱን ካወጣሁበት የተረፈ ነው፣ ጥቂት ጥለት በአንድ ጠርዙ ቀርቶለታል፣ ወፎቹም ያመለጡኝ ትልልቆቹ ናቸው። እጥፍ አድርጌ ክንዷ ላይ አስቀመጥኩላትና "እንዳታስሪው" አልኳት። "ወገብሽ ላይ ካሰርሽው የለፋሁት ሁሉ ውኃ በላው።"

"እሺ፣ እሺ።"

ከኋላ ረድፍ ቦታ ያዝን። ዘፈኑ ሲጀመር ሁሉም ተነሳ፣ ያኔ ሥራዬን አየሁት። ከዚያ ሁሉ ሴት መካከል ኤውራማ ብቻዋን ቀጥ ብላ ወጣች። ከፊታችን የነበረች ሴትዮ ዞር ብላ አየቻትና ለጎረቤቷ "ይቺ ረጅሟ ከየትኛው ወገን ናት?" ስትል ሰማሁ። ደስታዬን ለመደበቅ ያሳለኝ መሰልኩ።

ኩኩዋን ያን ጊዜ ነው ያየኋት። ቀጭን፣ እንደ አባቷ ረጅም፣ ዓይኖቿ ግን የኤውራማ ናቸው። እነዚያ ዓይኖች ሥራ ላይ ነበሩ። ከሙሽራው ጋር እየሳቀች፣ ከሰው ጋር እየተሳሳመች፣ በመካከል በመካከል ወደኛ ረድፎች ታያለች። ከመጀመሪያው ረድፍ ትጀምራለች፣ አንድ በአንድ ትሄዳለች። የምትፈልገውን ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩ። ኤውራማም አውቃለች፤ አንገቷን ሰገግ አደረገች።

ዓይኗ ኤውራማ ጋ ደረሰ። አለፈ።

"አላየችኝም፣ ሰው ከልሎኝ ነው" አለች ኤውራማ።

ማንም አልከለላትም። ሁለተኛ ጊዜ መጣ፣ እንደገና ከፊት ጀምሮ፣ ኤውራማ ላይ ደረሰ፣ ወደ ጎረቤቷ ሄደ። ኤውራማ እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘች።

ጥቂት ቆይቶ አንዷ ሚዜ በረድፋችን መካከል እያጮለቀች መጣች። ጠንከር ያለች፣ ቀልጣፋ ልጅ ናት። እያንዳንዷን ሴት እያየች ትሄዳለች።

"ማንን ነው የምትፈልጊው ልጄ?" አልኳት፣ ምሎ ዝም ማለት ያቃጥላል።

"የሙሽሪትን እናት ነው፣ አንቲ። የወለደቻትን። መጥታለች ተብላ እየፈለገቻት ነው፣ ልትነሳ ደግሞ አትችልም፣ ኬኩ ሊቆረጥ ነው።" ኤውራማን ከላይ እስከ ታች አየቻት፣ ጥለቱን ተከትላ ወጣች፣ ተከትላ ወረደች። "እርስዎ አይደሉም" አለች። "እሷ አጭር ናት ብላኛለች፣ ድብልብል ያለች።"

አፌን ከፈትኩ። ኤውራማ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፣ ምልክቱ እስከ ሳምንት አልጠፋም። ሚዜዋ ወደሚቀጥለው ረድፍ አለፈች።

"አጭር ናት አለች?" አለችኝ ኤውራማ።

"ሰምተሽ የለ።"

"ድብልብል ያለች።"

"ሰው ነግሯት ይሆናላ፣ እንጀራ እናቷ—"

"ሚስስ ኳንሳ አንድ ቀን አይታኝ አታውቅም፣ ኤፉዋ።" ወደ መድረኩ ዞረች። "አባቷም ስለኔ አፉን ከፍቶ አያውቅም፣ እሱን አውቀዋለሁ። ማን ይነግራታል? ራሷ ናት። ራሷ አስታውሳ ነው።"

ከዚያ ክንዷ ላይ የነበረውን መደረቢያ አንስታ ሰጠችኝ።

"እሰሪልኝ።"

"ምኑን?"

"ወገቤ ላይ። በደንብ አጥብቀሽ።"

"ኤውራማ፣ ስንት ቀን የለፋሁበትን ሥራ ላበላሸው?"

"አበላሺው።"

የተረፈውን ጥለት ወደ ላይ አደረግኩት፣ ሆዷ መሃል ላይ አጋደምኩት፣ አዞርኩት፣ አጥብቄ አሰርኩት። ከአንገት ጀምሮ ቁልቁል ሲወርድ የነበረው ሰማያዊ መስመር ወገቧ ላይ ሲደርስ ተቆረጠ። ትልቁ ወፍ ሆዷ ላይ ክንፉን ዘረጋ፣ ሌላው ዳሌዋ ላይ ተቀመጠ። ከጡቷ ሥር የደበቅኩት ወገብ ወርዶ የራሷ ቦታ ላይ ተገኘ። እጄ እያሰረ ዓይኔ እያየ ኤውራማ አጠረች፣ ሰፋች፣ ገበያ ውስጥ የማውቃት ኤውራማ ሆነች። በሕይወቴ ያን ያህል በጥንቃቄ ያበላሸሁት ልብስ የለም።

"እንዴት ነኝ?" አለችኝ።

"ድብልብል" አልኳት። እንባዬ መጥቶ ነበር።

ኩኩዋ ቢላዋውን ይዛ ነበር፣ ሙሽራው እጁን እጇ ላይ አድርጎ፣ ሁሉም ሰው እየቆጠረ። ቀና አለች፣ እንደገና ከፊት ረድፍ ጀመረች። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። እኛ ጋ ደረሰች። ቆመች። ሰው ቆጥሮ ጨርሶ ያጨበጭባል፣ ኬኩ ግን አልተቆረጠም።

ቢላዋውን ለሙሽራው ሰጠችውና ከመድረኩ ወረደች። ያ ረጅም ነጭ ቀሚስ በወንበሮቹ መካከል እየተጎተተ፣ ሰው እየተነሳላት። ኤውራማ ንቅንቅ አላለችም። እግሯ አልታዘዛት እንደሆነ ወይ ቃሏን እየጠበቀች እንደሆነ አላውቅም። ኩኩዋ ፊቷ ስትቆም ሁለት ራስ ያህል ትበልጣታለች።

ኩኩዋ ቁልቁል አየቻትና እዚያው ወለሉ ላይ ተንበረከከች፣ ያን ሁሉ ነጭ ልብስ አቧራ ላይ ጥላ፣ ጉንጯን እናቷ ሆድ ላይ አስደገፈች፣ ልክ እኔ ባሰርኩት ጥለት ላይ።

"እዚህ ጋ ነበር የምደርሰው" አለች።

ኤውራማ መዳፏን ራሷ ላይ አሳረፈች። "አሁንም ትደርሻለሽ" አለቻት።